«እግርህን ስበር» እና «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ»

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ከፊት በኩል ባዶ ወንበር አለና ቅረቡ።

ሥራዬን ለማታውቁ ልንገራችሁ። በሳምንቱ ቀናት ማታ ማታ ከአገር ቤት አዲስ ለመጡ ሰዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ተወልደው ላደጉ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ከሁለቱም ክፍል አንዳንድ ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ። ሁለቱም ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ አባባል ናቸው። «ብሬክ ኤ ሌግ» ትባላለች። ቃል በቃል ስትመለስ «እግር ስበር» ማለት ናት፤ የሚላት ሰው ግን «ይሳካልህ» ማለቱ ነው።

የመጀመሪያው ከቅዳሜው ክፍል ነው። አንዲት የ17 ዓመት ተማሪ አለችኝ። የአክስቷ ልጅ ወሎ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሊወስድ ነበር። ይህ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ እንደ ድሮው ተማሪው በተማረበት ትምህርት ቤት መሰጠቱ ቀርቶ ብዙው ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየሄደ፣ እዚያው እያደረ የሚወስደው ሆኗል። ስለዚህ ፈተናው ለቤተሰቡ መንገድም ነው። ልጁ ሻንጣ ይይዛል፣ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ እናቱ ስንቅ ትቋጥርለታለች። ያን ዕለት ዋዜማ አያቱ፣ አክስቶቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቤት ውስጥ ተሰብስበው ሳለ ከአሜሪካ መልእክት ገባ። ልጁ ደስ ብሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፦ «ነገ እግርህን ስበር! እወድሃለሁ።»

አያትየው ከተቀመጡበት ተነሡ። «ምን አድርጌያት ነው ልጄን መንገድ ሊወጣ ሲል እግርህን ስበር የምትለው?» አሉ። ጠበል አምጥተው ረጩት። በዚያው ሌሊት ወደዚህ ተደወለና የተማሪዬ እናት ከእንቅልፏ ተቀሰቀሰች። ልጅቷ ቅዳሜ ክፍል ስትመጣ ዓይኗ አብጦ ነበር። «መልካም ነገር ነው የተመኘሁለት» አለችኝ። መልእክቷን አሳየችኝ። አንድም የፊደል ስሕተት የለበትም፤ «እግርህን» ብላ «ን»ን እንኳ በቦታዋ አስገብታለች። ያስተማርኳት እኔ ነኝና ያ ነገር ከባድ ሆነብኝ። ሰዋስዉን ጠንቅቄ አስተምሬያት በአማርኛ እንዴት እንደሚመረቅ አላስተማርኳትም።

እስቲ አያትየው ጆሮ ውስጥ የገባውን ነገር እንየው። አማርኛችን በሰው አካል ላይ የሚነገር ትልቅ የእርግማን ክፍል አለው። «እጁ ይቆረጥ»፣ «ምላሱን ይዝጋው»፣ «እግሩን ይስበረው»። በራስ ላይም ይነገራል፤ የሚጸጽት ቦታ የሄደ ሰው «ምነው ያን ቀን እግሬን በሰበረኝ» ይላል። የአካል ክፍልና «ሰበረ» የሚለው ግሥ አንድ ላይ ሲመጡ፣ ወሬ ካልሆነ በቀር የሚመራን ወደ እርግማኑ ነው። ምርቃት ውስጥ አካል ሲጠራም የሚጠራው እንዲጸና ነው፤ «እጅህ ይባረክ»፣ «ጉልበትህን ያጽናው»፣ «እግርህን እንቅፋት አይንካው»። የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ። መንገደኛ ስንሸኝ ስለ እግሩ የምንጸልየው ቃል በቃል የልጅቷ መልእክት ተቃራኒ ነው።

ከዚያ በታች ደግሞ ሰዋስው አለ። ለዚህ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ፤ የዛሬው ነገሬ ማዕከል ይህ ነው። እኛ ስንመርቅም ስንረግምም የግሡ ቅርጽ አንድ ነው። «ይባርክህ» እና «ይስበርህ» ሁለቱም በ«ይ» ይጀምራሉ፤ ሁለቱም በ«ህ» ያልቃሉ። ቅርጹ ብቻውን ወዳጅን ከጠላት አይለይም። ታዲያ ቋንቋው ለመለየት ትንሽ መሣሪያ ሰጥቶናል፤ ከግሡ ጀርባ የምትገባ «ል» እና «ብ»። ዝናብ ሲጠቅመን «ዘነበልን» እንላለን፤ አውድማ ላይ ያለ እህል ሲያበላሽብን «ዘነበብን»። ዳኛ «ፈረደለት» ወይም «ፈረደበት»። «ያድርግልህ» ምርቃት ነው፤ «ያድርግብህ» እርግማን ነው። የፈረንጅ ተማሪዎች ለዓመታት የሚታገሏትን ይህችን ነገር እኛ በሦስት ዓመታችን ሳናስበው ጨርሰናታል። አንድ አማርኛ ተናጋሪ ምኞት ሲሰማ ሳያውቀው የሚፈልገው ይህችን ነው፦ ለእኔ ነው ወይስ በእኔ ላይ?

«እግርህን ስበር» ውስጥ «ል»ም የለች «ብ»ም የለች። ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ሰሚው የሚይዘው ግሡን ብቻ ነው፤ ግሡ ደግሞ ሰበረ ነው።

«ይቅናህ» ውስጥስ የት አለች «ል» የሚል ካለ ጥያቄው ትክክል ነው፤ የለችም። ግን ግሡ ራሱ ሥራውን ይሠራላታል። ቀና ማለት ተስተካከለ፣ ጎበጥ ያለው ተቃና ማለት ነው፤ «ቀና በል» የምንለውም ከዚያው ነው። አዳኝ ከበረሃ ሲመለስ፣ ነጋዴ ከገበያ ሲገባ «ቀናህ ወይ?» ይባላል። «ይቅናህ» ስንል ነገሩ ቀጥ ብሎ ይሂድልህ ማለታችን ነው፤ የሚቀናው ነገሩ እንጂ ሰውየው አይደለም። አሁን «ብ»ን አስገቡባት፦ «ይቅናብህ»። ወዲያው ሌላ ቃል ሆነ፤ ሰው በሰው ላይ የሚቀናው ቅናት መጣ። በአንዲት ፊደል ከምርቃት ወደ ምቀኝነት ተሻገርን። እንዲህ ያለ ስስ ሚዛን ያለው ጆሮ ላይ ነው «እግርህን ስበር» የወደቀችው።

እንግሊዞቹና አሜሪካኖቹስ ለምን እንዲህ ይላሉ? ከዚህ አዳራሽ ብዙም የማይርቀውን የፎርድ ቲያትር የምታውቁት ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1865 ፕሬዚዳንት ሊንከን የተገደሉት እዚያ ነው። ገዳዩ ጆን ዊልክስ ቡዝ ተዋናይ ነበር። ከተኮሰ በኋላ ከሰገነቱ ወደ መድረኩ ዘለለ፤ በዚያ ሌሊት ሽሽቱም እግሩ ተሰበረ። ብዙ ሰው አባባሉ ከዚያ የመጣ ነው ብሎ ያወራል። እኔ አልቀበለውም። አባባሉ በጽሑፍ ከሚታወቅባቸው ቀደምት ጊዜያት አንዱ 1921 ነው፤ በመካከሉ 56 ዓመት አለ። ደግሞስ የአገር መሪ ገድሎ የሸሸን ሰው ስብራት አንስቶ ጓደኛውን የሚመርቅ ተዋናይ ማን ነው?

የ1921ዱ ጽሑፍ ከቡዝ ወሬ ይልቅ ብዙ ያስረዳል። ሮበርት ሊንድ የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ ጸሐፊ «ኒው ስቴትስማን» በተባለው የለንደን መጽሔት ላይ ስለ አጉል እምነት ሲጽፍ፣ በፈረስ ውድድር ሰዎች ዘንድ «ይቅናህ» ማለት ገድ እንደሌለው፣ በፈንታው «እግርህን ይስበረው» ዓይነት ነገር እንደሚባል ይናገራል። ቲያትር ቤቱንም በዚህ ዓይነቱ እምነት ከፈረሱ ሜዳ ቀጥሎ ያስቀምጠዋል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ መልካሙን ጮክ ብለህ ከተናገርክ የሚሰማ ክፉ ነገር አለ፤ ሰምቶ ያበላሸዋል። ስለዚህ ክፉውን ትናገራለህ፤ ያ የሚሰማው ነገር ሥራው የተሠራለት መስሎት ያልፋል።

ጀርመኖችም «የአንገትና የእግር ስብራት» ብለው ይመራረቃሉ። የዚህን መነሻ በተመለከተ አንድ መላ ምት አለ። የአውሮፓ አይሁድ በዪዲሽ ቋንቋቸው «ሃትስሎኼ ኡን ብሮኼ» ይባባላሉ፤ ስኬትና በረከት ማለት ነው። ጀርመንኛ ተናጋሪ ጎረቤታቸው ይህን ሲሰማ በራሱ ቋንቋ የአንገትና የእግር ስብራት የሚል መሰለው፤ እየቀለደም ያዘው፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ ይላሉ። ሁሉም ሊቅ አይስማማበትም፤ መላ ምት ነው ብላችሁ ያዙልኝ። እውነት ከሆነ ግን እኛን በቀጥታ ይነካናል። «ብሮኼ» የዕብራይስጡ «ብራኻ» ነው፤ ይህም የእኛው በረከት ነው፤ ሥሩ ብ፣ ር፣ ክ። የልጅቷ «እግር ስበር» ከመድረክ ወደ መድረክ፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲንከራተት የተበላሸ «በረከት» ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በዚያው ፊደል ደግሞ ግእዝ ጉልበትን «ብርክ» ይለዋል። ፈተና አዳራሽ በር ላይ ጉልበታችን ሲንቀጠቀጥ «ብርክ ያዘኝ» የምንለው፣ ቤተ ክርስቲያን ገብተን የምንንበረከከው ከዚያ ነው። ይህን ለተማሪዬ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ክፉ ዓይንን የማታለል ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አለመሆኑንም አስረዳኋት። የሚያምር ሕፃን ያየ ሰው «ከዓይን ያውጣው» ይላል። ልጆቿ የሚሞቱባት እናት ቀጣዩን ልጇን ሞት እንዳይመኘው በሚያስጠላ ስም ትጠራው ነበር። እንግዲህ ሐሳቡ አለን። የሌለን ያንን ሐሳብ በእርግማን ቅርጽ ለመንገደኛ ፊት ለፊት መንገር ነው። እንዲያውም አንድ ነገር ተመልከቱ። ጀርመን ውስጥ ዘፋኝ መድረክ ሊወጣ ሲል ጓደኞቹ «ቶይ ቶይ ቶይ» ይሉታል፤ ክፉ ለማባረር ሦስት ጊዜ የመትፋት ድምፅ ነው ይባላል። አያትየው ልጁን ሲሸኙ ምን አደረጉ? ግንባሩን ይዘው «እንትፍ እንትፍ» አሉበት። ምልክቱ አንድ ነው። እዚያ ክፉውን ለማራቅ ይተፋል፤ እዚህ ከሽማግሌ አፍ የወጣው ምርቃት በልጁ ላይ እንዲያርፍ ነው።

አሁን ወደ ማታው ክፍል ልውሰዳችሁ። ይህኛው ስለ መንጃ ፈቃድ ነው።

አንዲት ሴት፣ አዲስ አበባ ለስምንት ዓመት የነዳች፣ እዚህ ከተማ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ትምህርት ጀመረች። የጽሑፍ ፈተናውን በአማርኛ ወሰደችና አለፈች። ዲሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ አለ፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አገልግሎታቸውን ከሚያቀርቡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የመንጃ የጽሑፍ ፈተናውም በአማርኛ ይገኛል። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ የቋንቋ ችግር አልገጠማትም። እንግሊዝኛው የጠበቃት መኪናው ውስጥ ነው።

የመንገዱ ፈተና ቀን ጠዋት አስተማሪዋ፣ ደግ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው፣ መኪናውን አቁመው ወርደው በሩን ሲዘጉላት በመስኮት «ብሬክ ኤ ሌግ!» አሏት። ልብ በሉ፤ «መስበር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልና «ፍሬን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሲጻፉ ይለያያሉ፤ ሲነገሩ ግን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «ብሬክ»። አዲስ አበባ ሳለች ቃሉን አታውቀውም ነበር፤ የመኪና ቃሎቻችን በጣሊያንኛ በኩል የመጡ ናቸውና። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ። «ብሬክ»ን የተማረችው እዚህ፣ ከእኚሁ አስተማሪ፣ ላለፉት ሁለት ወራት በቀን ሃያ ጊዜ እየሰማች ነው። በእሷ ጆሮ ቃሉ አንድ ትርጉም ብቻ አለው። ስለዚህ የሰማችው «ፍሬን፣ እግር» ነው። አስተማሪዬ በመጨረሻ ሰዓት አንድ ነገር አስታወሱኝ አለች፤ እግርሽን ፍሬን ላይ አድርጊ።

የትኛውን እግር? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከፋው። አገር ቤት የነዳችው በማርሽ መኪና ነው፤ ግራ እግሯ የፍሪሲዮን ነበር። የዚህኛው መኪና አውቶማቲክ ነው፤ ፍሪሲዮን የለውም፤ ግራ እግር ሥራ ፈት ነው። ቀኙ ነዳጅና ፍሬን ላይ እየተመላለሰ ብቻውን ይሠራል። እሷ ግን «እግር» ስትባል ሥራ የፈታውን እግር አሰበችና ግራ እግሯን ፍሬኑ ላይ አሳረፈች። ፍሪሲዮን የለመደ እግር ደግሞ አረጋገጡ ሌላ ነው። ፍሪሲዮን የሚረገጠው እስከ ታች፣ በአንድ ጊዜ ነው። ፍሬን ግን በስሱ፣ በጣት ጫፍ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይያዛል። ስምንት ዓመት ፍሪሲዮን የረገጠ እግር ፍሬን ላይ ሲቀመጥ እጅግ ያበዛዋል።

ፈታኙ ከጎኗ ተቀመጡና ጀመሩ። መጀመሪያው ማቆሚያ ምልክት ላይ ስትደርስ መኪናው በድንገት ተንገጫገጨና ቆመ፤ ፈታኙ በእጃቸው ከፊታቸው ያለውን ተደገፉ። ቀጥሎ ባዶ መንገድ ላይ ነዳጅ እየሰጠች ግራ እግሯ ፍሬኑ ላይ አርፎ ስለነበር መኪናው ከበደ፤ የኋላ መብራቱ ሳያቋርጥ ይበራ ነበርና ከኋላ ያለው ሾፌር ክላክስ ነፋባት። እሷ ደግሞ ሰው ክላክስ ሲነፋባት የምታውቀው ምላሽ አንድ ነው፤ ፍሬን መያዝ። ከስድስትና ሰባት ደቂቃ በኋላ ፈታኙ ወደ መነሻው እንድትመለስ ነገሯት። ወደቀች።

ይህን ያወቅነው በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ነው። «አስተማሪዬ ፍሬን ላይ እግርሽን አድርጊ ብለውኝ፣ ባደርግ ጣለኝ» አለች። ምን እንዳሉ ድምፁን እንድትደግምልኝ ጠየቅኋት። ስትደግመው ገባኝ። ቀጥሎ እንድትነዳ የሚያደርገውን ነገር መለየት ቀላል ነበር፦ ግራ እግሯን ከወንበሩ ሥር ስባ እንድታስቀምጥ፣ ተረከዟን ወለሉ ላይ እንድትተክል። አስተማሪዋ ባዶ መኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን አለማመዷት፤ ጨረሰችው። ቃሉን ግን ማንም አላስረዳትም ነበር።

እኔ ከዚህ በኋላ አንድ ነገር አጣራሁ። በአካባቢዬ ያሉትን አሜሪካውያን ወዳጆቼን አንድ በአንድ «ለመንጃ ፈቃድ ፈተና የሚሄድን ሰው ምን ትሉታላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ብሬክ ኤ ሌግ» ያለ አንድም አልነበረም። አባባሉ የመድረክ ነው፤ ለተዋናይ፣ ለዘፋኝ፣ ለዳንሰኛ ይባላል። መኪና ሊነዳ ለሚወጣ ሰው እግር ስበር ማለት ለእነሱም ይከብዳል። አስተማሪዋ በወጣትነታቸው ቲያትር ይሠሩ ነበርና ከልማዳቸው የወጣ ነው። ይህን የምላችሁ አዲስ ቃል ስንማር ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን የሚነገርበትን ቦታም ካልያዝን የቅዳሜዋ ተማሪዬ እንዳደረገችው የመድረክን ቃል ለፈተና ስለምንልክ ነው።

ብዙዎቹ ወዳጆቼ የመለሱልኝ «ጉድ ለክ» ነው፤ ወጣቶቹ ደግሞ «ዩ ጋት ዚስ»። የኋለኛው ቃል በቃል «ይህን ይዘኸዋል» ነው። ማታ ክፍሌ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ «ምኑን ነው የያዝኩት?» ብሎ እጁን ያያል። የሚያደርገው ሥራ ግን አማርኛ ውስጥ አለ፤ «አይዞህ፣ ትችለዋለህ» ነው። ሌላው «ጣቴን አቆላልፌልሃለሁ» ነው፤ አመልካቹንና የመሐሉን ጣት አጠላልፎ ማሳየት። ይህን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልንገራችሁ፦ ቬትናም ውስጥ ይህ ምልክት ብልግና ነው፤ ብዙዎቻችን ደግሞ ከቬትናም ሰዎች ጋር እንሠራለን። «እጸልይልሃለሁ» ብላችሁም አትተርጉሙት፤ ጣቱን ያጠላለፈ ሰው ጸሎት ቃል አልገባም። «ይሳካልህ ብዬ እየተመኘሁ ነው» ይበቃል።

«ጉድ ለክ» ግን ተተርጉሞ ገብቶልናል፤ «መልካም ዕድል» ሆኖ። ሬዲዮ ላይ፣ የፈተና ወረቀት ግርጌ ላይ፣ መምህራን ሁሉ ይሉታል። አልቃወመውም፤ ልጆቼንም አስተምራቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ክብደቱ አንድ አይደለም። ዕድል ከ«አደለ» የመጣ ነው፤ የታደለ፣ የተከፈለ ድርሻ። ለሎተሪ፣ ለዕጣ ሲሆን ልክ ይገባል። ዓመት ሙሉ መብራት አብርቶ ላጠና ልጅ «መልካም ዕድል» ሲባል ግን አንድ አባት «ልጄ ያጠናውን ነው የሚሠራ እንጂ ዕጣ አያወጣ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጆሯቸው ልክ ነው። «ይቅናህ» የልጁን ሥራ ይዞ ነው የሚመኝለት፤ የሠራኸው ነገር ቀጥ ብሎ ይሂድ ይላል። ሲባል ደግሞ «አመሰግናለሁ» አይመለስለትም፤ «አሜን»፣ ወይም «አሚን» ነው የሚባል። ምርቃት ካልተቀበሉት አየር ላይ ይቀራል።

እስራኤል ያሉት ወገኖቻችን በዚህ ነገር ተገላግለዋል። እዚያ መንጃ ፈቃድ ለሚፈተን ሰው «በሃትስላኻ» ይባላል፤ «በስኬት» ማለት ነው፤ ቃል በቃል ተተርጉሞ ምንም አይጎድልበትም። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉት ደግሞ «ቢተውፊቅ» ይሰማሉ፤ ያም ፈጣሪ ያሳካልህ ነው፤ ለሙስሊሞቻችን የቤት ቃል ነው። ቋንቋዎቹ ዘመዶቻችን ስለሆኑ ምርቃታቸውም በምናውቀው መንገድ ይመጣል።

አሁን ወደ ሴትየዋ ልመለስ፤ ሁለተኛ ፈተናዋ አለ። በዚያ ጠዋት አስተማሪዋ መኪና ውስጥ እያሉ እናቷ ከአዲስ አበባ ደወሉ፤ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነበር። እናትየው «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» አሉ። «አሜን» አለች። አስተማሪዋ ምን እንዳሉ ጠየቋት። እሷም ቃል በቃል ነገረቻቸው፦ እግዚአብሔር መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ ነው ያሉኝ። አስተማሪዋ ግራ ገባቸው። ጨርቅ ለመኪና ምን ይሆናል? ጎማ ላይ ቢጠመጠምስ? የእኛም እንዲህ ነው፤ ተሻግሮ ሲሄድ መንገድ ላይ ይደናቀፋል።

እሷ ግን አልተወችውም። ይህን ስትነግረኝ በጣም ኮራሁባት። ስካርፏን ከአንገቷ ፈታች፣ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፣ በመዳፏ ዳበስ አድርጋ ለጥ አደረገችው። «ድንጋይ የለም፣ ጉድጓድ የለም፣ ዳገት የለም» አለቻቸው። ገባቸው። እሳቸውም በተራቸው ባለፈው ጊዜ በመስኮት ያሉት ምን እንደነበረ፣ መስበር እንጂ ፍሬን እንዳልነበረ፣ ለምንስ ተዋናዮች እንዲህ እንደሚባባሉ አስረዷት። ይቅርታም ጠየቋት። ፈታኙ ሲመጡ ከመኪናው ወርደው፣ በመስኮት አጎንብሰው፣ «ሆፕ ኢት ጎዝ ዌል» ብቻ አሏት፤ ነገሩ በደህና ይሂድልሽ ማለት ነው። ከ«ይቅናሽ» የቀረበ እንግሊዝኛ እኔ አላውቅም።

ግራ እግሯን ከወንበሩ ሥር ስባ ነዳች። ማቆሚያው ምልክት ላይ ከመስመሩ በፊት በስሱ ቆመች፣ ሁለት መኪና መሐል ገብታ አቆመች፤ አለፈች።

አስተማሪዋ ቃሉን ወደዱት። ሌሎችም ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አሏቸውና፣ በፈተናቸው ቀን ሊሉላቸው አስበው ከቦርሳቸው ማስታወሻ ደብተር አውጥተው ከአፏ እየሰሙ በራሳቸው ፊደል ጻፉት። ጽፈው ሲጨርሱ መልሰው አነበቡላት፦ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግሽ።» ደብተሩን ተቀበለቻቸውና የጎደለችውን «ል» በቦታዋ አስገባችላቸው።